የማን ቀኝ ነው?

በ1965 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ በሚገኝ አንድ የተከራዩት ክፍል፣ ሥዩምና አቶ ይርጋ የአሥራ አራት ሰዎች የፈተና ወረቀት ያርሙ ነበር። ሥዩም ለአንድ ዓመት አገልግሎት ከዩኒቨርሲቲ የተላከ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነው። አራት ወር ያስተማራቸው እሱ ነው። አቶ ይርጋ ደግሞ የፈተናው ኃላፊ ሆነው ከደብረ ታቦር የመጡ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያሰሩ ሽማግሌ ናቸው።

በፈተናው ከመቶ ስልሳ አምስት ያመጣ በየገበያው የእህል ዋጋ መዝጋቢ ሆኖ ይቀጠራል። ያላመጣ ወደመጣበት ይመለሳል። ከእስቴና ከስማዳ የመጡት ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ያለጊዜው ስለቆመ የብዙዎቹ ቤት ጎተራ ባዶ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ አሥር ነጥብ ይይዛል። «ዝናብ ቀርቶ የገብስ ምርት ቢያንስ ገበያው ምን ይሆናል? የአቅርቦትና የፍላጎት ሥዕሉን በቃል ግለጽ፤ ምክንያቱንም ጻፍ» ይላል። መሣል ክልክል ነው። መዝጋቢው በየሳምንቱ የገበያውን ሁኔታ ለደብረ ታቦር በስልክ ስለሚናገር፣ ወዲያ ያለው ሰው ሰምቶ መሣል አለበት።

ሥዩም አሥራ ሦስተኛውን ወረቀት አንሥቶ ጽሕፈቱን እንዳየ የማን እንደሆነ ዐወቀ። ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ነገር ግን እንደ ብራና ጽሑፍ ቀጥ ቀጥ ያለ ፊደል የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ቀለመ ወርቅ፣ የስማዳ ሰው፣ ቤተ ልሔም በሚባለው የድጓ ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት ዜማ የተማረ። ዕድሜው ከሥዩም በስምንት ዓመት ስለሚበልጥ ተማሪዎቹ «የኔታ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦

«የዋጋው ዘንግ በቀኝ ዳር ቀጥ ብሎ ቆሟል። የመጠኑ ዘንግ ከእግሩ ሥር ተነሥቶ ወደ ግራ ተዘርግቷል። የፍላጎት መስመር ከዋጋው ዘንግ አጠገብ ከላይ ጀምሮ እየራቀ ይወርዳል። የአቅርቦት መስመር ከታች ጀምሮ እየራቀ ይወጣል። ገብሱ ስላነሰ የአቅርቦት መስመር ወደ ቀኝ ሄደ። የፍላጎት መስመር ከቦታው አልተነቃነቀም። አዲሱ መገናኛ ከፊተኛው ከፍ ብሎ ወደ ቀኝ ሆነ። ስለዚህ ዋጋ ጨመረ፤ የሚገዛው መጠን ቀነሰ። ፍላጎቱ ግን አልቀነሰም። ሰው ገብሱን እንደ ድሮው ይሻል፤ በዚህ ዋጋ ሊገዛ የሚችለው ነው ያነሰ።»

ሥዩም የማረሚያውን ደንብ አየ። ዘንጎቹን በትክክል ላስቀመጠ ሁለት። ደንቡ የሚለው ዋጋው በግራ፣ መጠኑ ወደ ቀኝ ነው፤ ስለዚህ ዜሮ። የአቅርቦት መስመር ወደ ግራ መሄዱን ላለ ሁለት፤ ዜሮ። የሄደው አቅርቦት ብቻ መሆኑን ላለ አንድ፤ አንድ። አዲሱ መገናኛ ከፍ ማለቱን ላለ አንድ፣ ወደ ግራ መሆኑን ላለ አንድ፤ አንድ ብቻ። ለምክንያቱ ሦስት፤ ሦስቱንም። ድምሩ አምስት።

የሌሎቹን ጥያቄዎች ውጤት ደመረ። አምሳ ስምንት። ከአምስቱ ጋራ ስልሳ ሦስት።

«ምነው እጅህ ቆመ?» አሉ አቶ ይርጋ።

«ምክንያቱ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ሥዕሉ ግን ተበላሽቷል።»

«ከሥዕሉ ጋራ የተጣላ ብዙ ነው። ቀጥል።»

ሊቀጥል አልቻለም። የሌላውን ተማሪ፣ የጥጋቡን ወረቀት ከታረሙት መካከል አወጣ። ጥጋቡ ሥዩም ያስተማረውን ሁሉ በቃሉ ያጠና ስለሆነ የእሱም ወረቀት ያለ ስም ይታወቃል። ዘንጎቹ ትክክል፣ አቅርቦት ወደ ግራ፣ መገናኛው ከፍ ብሎ ወደ ግራ። ግን «ዋጋ ስለጨመረ የፍላጎት መስመርም ወደ ግራ ሄደ» ብሎ ጽፏል። ሁለቱም ወደ ግራ ከሄዱ መጠኑ መቀነሱ ይታወቃል፤ ዋጋው መጨመሩ በምን ይታወቃል? ቢሆንም ከምክንያቱ አንድ ነጥብ ተጨምሮ ደንቡ ሰባት ሰጥቶታል። ጥጋቡ አልፏል።

ሥዩም ባዶ ወረቀት ወስዶ ቀለመ ወርቅ ያለውን ቃል በቃል ሣለ። ዋጋውን በቀኝ ዳር አቆመ። መጠኑን ወደ ግራ ዘረጋ። መስመሮቹን አወጣ፤ አወረደ። አቅርቦቱን ወደ ቀኝ፣ ወደ ዋጋው ዘንግ አስጠጋው። መገናኛው ከፍ አለ፤ መጠኑም አነሰ። አንድ እንኳ የተጋጨ ነገር የለም። ወረቀቱን አንሥቶ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ከጀርባው አየው። በሰሌዳው ላይ አራት ወር ሲሥለው የነበረው ሥዕል ነበር።

በመጋቢት የሆነ ነገር ትዝ አለው። «አቅርቦት ሲያንስ መስመሩ ወደ ግራ ይሄዳል» ሲል ቀለመ ወርቅ ተነሥቶ፣ «የማን ግራ ነው አስተማሪ? የእኛ ነው የሥዕሉ?» ብሎ ጠየቀ። ጥጋቡ፣ «የኔታ ሥዕል ሁሉ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይመስላቸዋል» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ሥዩምም ሳቀና ጠመኔውን አንሥቶ ቀጠለ።

«ጋሽ ይርጋ፣ ይህን ከጀርባው ይዩት።»

አቶ ይርጋ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩ። «ገልብጦ ነው ያየው» አሉ።

«አልገለበጠም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የስቅለቱ ሥዕል ላይ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ በየት በኩል ነው?»

«ለእኔ በግራ በኩል፤ ለጌታ በቀኝ።» አቶ ይርጋ ወረቀቱን አስቀመጡ። «ገባኝ። የሥዕሉን ቀኝ ነው የጻፈ።»

«ስሕተቱ አንድ ነው። ደንቡ ግን ሦስት ቦታ ቀጣው። አንድ ጊዜ፣ ዘንጎቹ ላይ ሁለት ቀንሰን ሌላውን ብንሰጠው ስምንት ያገኛል። ያልፋል።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ደብረ ታቦር ተቀምጬ ስልክ ይዤ ‹አቅርቦት ወደ ቀኝ ሄደ› ቢለኝ ምን እሥላለሁ? ገብስ በዛ ብዬ ነው የምሥለው። በስልክ ወረቀት ገልብጦ ማየት የለም።»

«ጠይቆኝ ነበር» አለ ሥዩም። «‹የማን ነው› ብሎ ጠይቆኝ ሳቅሁበት።»

አቶ ይርጋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ፈተናውን የወደቅህ አንተ ነህ። በአንተ ስም ግን ወረቀት የለም።» የማረሚያውን ደንብ አጥፈው አስቀመጡ። «በራሴ ሥልጣን ነጥብ አልጨምርም። ደብረ ታቦር ያሉትን ዋና ኃላፊ በስልክ እንጠይቃቸው። አንተው ተናገር።»

ስልክ ቤት እስኪደርሱ ሥዩም የሚለውን በልቡ አጠና። መስመሩ እስኪገናኝ ስልከኛው ማዞሪያውን ደጋግሞ አሽከረከረ። በመጨረሻ ከደብረ ታቦር የዋናው ኃላፊ ድምፅ እየተቆራረጠ መጣ።

«አቤት፣ ጌታዬ። የአንድ ተፈታኝ ጉዳይ ነው። ሥዕሉን በትክክል ገልጾታል፤ ብቻ ዋጋውን በቀኝ ነው ያደረገው።»

«በቀኝ ከሆነማ ትክክል አይደለም።»

«ቀኝ ያለው የሥዕሉን ነው። ለእኛ ግራ የሆነውን።»

«ቆይ። እየሣልሁ ነው። ዋጋው በየት በኩል?»

«በቀኝ። ማለቴ በግራ።»

«አቅርቦቱስ?»

«ወደ ቀኝ ሄደ ይላል፤ ወደ ግራ ማለቱ ነው።»

«የማን ግራ?»

ሥዩም አፉን ከፍቶ አቶ ይርጋን አያቸው፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

«ልጄ» አለ ድምፁ፣ ያለ ቁጣ፣ «እኔ ፊት ሁለት ሥዕል አለ፤ የትኛው የገበያው እንደሆነ አላውቅም። አንተ የተማርኸው ይህን ማስረዳት ካልቻልህ፣ እሱ ነገ ከወገዳ ገበያ ደውሎ ምን ሊያስረዳኝ ነው? ውጤቱ ይጽና።»

መስመሩ ተቋረጠ። ሥዩም «እንደገና አገናኘኝ» አለ። ስልከኛው አቶ ይርጋን አየ። አቶ ይርጋ እንዳያገናኝ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ውጤቱ በማግስቱ ጧት በር ላይ ተለጠፈ። ጥጋቡ ዘሎ የጓደኞቹን ትከሻ ያዘ። ቀለመ ወርቅ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያም ከታች እስከ ላይ አነበበ። ስንቁን የያዘበትን ስልቻ ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ሥዩም መጣ።

«ስንት ጎደለኝ፣ አስተማሪ?»

«ሁለት።»

«ከየትኛው?»

«ከሥዕሉ። ቀኙንና ግራውን።»

ቀለመ ወርቅ ጥቂት አሰበ። «እርስዎ ወደ ሰሌዳው ዞረው ሲያስተምሩ የራስዎን ቀኝ ይሉ እንደነበር ዐውቄ ነበር። ፈተናው ግን ‹ሥዕሉን ግለጽ› አለ። ሥዕል ሲገለጽ በሥዕሉ ቀኝ ነው፤ እንዲያ ነው የተማርነው። ጠይቄም ነበር።»

«ጠይቀዋል። መልሱን ያልሰጠሁ እኔ ነኝ። ትናንት ደብረ ታቦር ደውዬ ለመንሁ። እኔም ማስረዳት አቃተኝ።»

«እርስዎንም ‹የማን› ብለው ጠየቁ?»

«ጠየቁኝ።»

ቀለመ ወርቅ ፈገግ ሊል ፈለገ፤ ከንፈሩ ግን አልታዘዘለትም። ስልቻውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ጌጤን፣ ባለቤቴን፣ ‹ለዘር ያስቀመጥነውን ገብስ እንዳትነኪ፤ ካለፍሁ በመጀመሪያው ደመወዝ የሚበላ እንገዛለን፤ ዘሩን በሰኔ እንዘራለን› ብያት ነው የመጣሁ። ሁለት ቁና ነው። ልጆቹን ራት እንዲቀምሱ ጎረቤት እየላከች ዘሩን ሳትነካ ጠበቀችኝ።»

ሥዩም፣ «ጥቂት ብር አለኝ፤ ይውሰዱ» አለ።

«እሱንስ እወስዳለሁ። እንቢ የምልበት ቀን አይደለም።» ብሩን ተቀብሎ በነጠላው ጫፍ ቋጠረው። «በዛሬው ዋጋ ግን ስንት ቀን እንደሚያበላ እርስዎ ያውቁታል። ዘሩን እንበላለን። ከዚያ ለከርሞው መስመሩ እንደገና ይሄዳል፤ እኔ ወደ ቀኝ፣ እርስዎ ወደ ግራ የምንለው።»

ቀለመ ወርቅ በአክብሮት ዝቅ ብሎ እጅ ነሣውና የስማዳን መንገድ ያዘ። ከገበያው በታች መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ሲደርስ አህያ የሚነዳ አንድ ገበሬ አስቆመውና መንገድ ጠየቀው። ቀለመ ወርቅ አፉን ለመክፈት ቃጣና ተወው። ክንዱን አንሥቶ መንገዱን በጣቱ አሳየው።