ከ«ፓስ» ቀጥሎ የሚመጣው ቃል

ሆርሞዝ በኢራኗ ሺራዝ ከተማ ድልድይ ያሠራ መሐንዲስ ነበር። ሜልቦርን ከገባ በኋላ ግን በአምሳ ሁለት ዓመቱ የአረጋውያን ተንከባካቢ ለመሆን እንግሊዝኛ ይማር ጀመር። አጠገቡ የምትቀመጠውን ቬትናማዊት፣ ሃያ ዓመት ዓሣ ስትበልት የኖረችውን ቱየትን፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው የናቃት።

የእሱ ደብተር በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ የፋርሲ ፍቺ፤ አራት ሺህ ቃል። የእሷ ደግሞ ለአንድ ቃል አንድ ሙሉ ገጽ፤ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ ማን ምን ብሎ እንደተናገረበት።

«በዚህ አያያዝሽ ‹ሲ› ፊደል ላይ ሳትደርሺ ጡረታ ትወጫለሽ» አላት።

«ዝናቡን ‹ከባድ› ይላሉ፣ ነፋሱን ‹ብርቱ›። ለየብቻ ብጽፋቸው በምን አውቃለሁ፣ ኢንጂነር?»

«ዝናብ ዝናብ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ለተግባር ልምምድ አንድ የአረጋውያን ማቆያ ተመደቡ። ነርሷ ሼሪል የሚስተር ዶይልን የሽንት ቱቦ ጠዋት አውጥታለች። «ውሃ ፓስ ሲያደርግ ሰዓቱን ጻፍልኝ» አለችው ሆርሞዝን። ሽንቱን ሲሸና ማለቷ ነው። ሆርሞዝ ደብተሩን ገለጠ፤ ፓስ ማለት ማለፍ። ሽንትን ውሃ የሚል ሕዝብ! «ውሃ»ን እንደ ትርፍ ቃል ጣለና በመልእክት ወረቀቱ ላይ «ሚስተር ዶይል አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ፓስ አደረጉ» ብሎ ጻፈ።

የማቆያው ቢሮ ሠራተኛ አነበበችው። ያለ ውሃ ሲጻፍ ሞቱ ማለት ነው። ክፍሉን እንኳ ሳታይ ለልጃቸው ደወለች። ልጃቸው እያለቀሰች ስትደርስ አባቷ ቶስት ላይ ጃም እየቀቡ ነበር።

«ገብታ ብታይ ምን ነበረበት?» አለ ሆርሞዝ አስተማሪያቸው ብሮንዊን ስትጠራው። «ማንም ጅል...»

«እሷም ተገሥጻለች» አለችው። «አንተ ደግሞ ለአንድ ወር ወደ ክፍል ትመለሳለህ። የቱየትን ደብተር ተቀበልና የ‹ፓስ›ን ገጽ ገልብጥ።»

ቱየት ደብተሩን ሰጠችው። ገጹ ላይ ሁሉም ተዘርዝሯል፦ ፓስ ከውሃ ጋር መሽናት፤ ፓስ አዌይ መሞት፤ ፓስ አውት ራስን መሳት፤ ጨው ሲሆን ማቀበል። ከየሥሩ ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ቀኑና የተናጋሪው ስም። የዓሣ ነጋዴ ጽሕፈት እያለ በልቡ እየተሳደበ ገለበጠ።

ሲጨርስ ቅጠሎቹን ወደ ኋላ ገለጠ። «ሉክ» የሚል ገጽ አገኘ። ሉክ አፍተር መንከባከብ፣ ሉክ ፎር መፈለግ። ሦስተኛው፣ ሉክ ዳውን ኦን፣ መናቅ ነው፤ ምሳሌውም በሰማያዊ ቀለም፦ «ሆርሞዝ ሁሉንም ሰው ይንቃል፤ ምክንያቱን ግን አያውቅም።»

ቢያንስ አንድ ስህተት ላገኝባት ብሎ ቀይ እስክሪብቶ አወጣ። ግሡ ልክ ነው። ተከታዩ መስተዋድድም ልክ ነው። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጨረስክ፣ ኢንጂነር?» አለች ቱየት እጇን ዘርግታ።

«ጽሕፈትሽ ያስጠላል» አላትና ደብተሩን መለሰላት።