ዘግይቶ የደረሰው ዊልቸር

ጠዋት ሻዬን ጠጥቼ፣ ብርጭቆውን አጥቤ፣ በአውቶቡስ ወደ እንግሊዝኛ ትምህርቴ ሄድኩ። የመካከለኛ ደረጃ ክፍል ነው። የቤት ሥራችን ዘግይቶ ስለደረሰ ዕቃ ለሻጩ ድርጅት የቅሬታ ኢሜይል መጻፍ ነበር። መምህርቷ «ዕቃውን ከራሳችሁ ፍጠሩ» ብላናለች። መፍጠሩ ስላልሆነልኝ የእውነቱን ጻፍኩ፤ ለባለቤቴ ያዘዝኩትን ዊልቸር፣ የትዕዛዙን ቁጥር፣ ይደርሳል የተባለበትንና የደረሰበትን ቀን። ከዚያ በላይ ክፍሉ እንዲያውቅብኝ አልፈለግኩም።

እየተለዋወጥን ስናርም የእኔ አጠገቤ ለሚቀመጠው ልጅ ደረሰ። ሥራው የታዘዘ ዕቃ ቤት ለቤት ማድረስ ነው።

«እትዬ፣ እኔን እኮ ነው የከሰሱት» ብሎ ሳቀ።

«አንተማ ለክፍልም ታረፍዳለህ» አልኩት።

መምህርቷ መጥታ በትከሻው በኩል አነበበች። «ቆንጆ ነው። ግን መጨረሻ ላይ የሚፈልጉትን መጠየቅ አለብዎት። ገንዘብዎ ይመለስ? ዕቃው ይቀየር? ያለዚያ ድርጅቱ ምን እንደሚያደርግልዎት አያውቅም።»

የእስክሪብቶዬን ክዳን ገጠምኩ።

«አሁን ወንበሩ የት ነው?» አለኝ ልጁ።

«ካርቶኑ ውስጥ። አልተከፈተም።»

ሁለቱን ቀኖች እንደገና አየ፤ ከዚያም የለበስኩትን ጥቁር ልብስ። ሳቁን ተወ።

«ቲቸር» አላት ቀስ ብሎ፣ «የእሳቸው ድርጅቱ እንዲያውቀው ብቻ ነው። ምንም እንዲያደርግላቸው አይፈልጉም።»

እሷም አየችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ሳታርም መለሰችልኝ።

ኢሜይሉ ሌላው ሁሉ አለው። የምጠይቅበት አንቀጽ ግን የለውም።