ብርዱ ሳይወስዳችሁ

የብርድ ልብስ መደብሩን ማስታወቂያ የምትጽፈውን ልጅ ባልደረቦቿ «ቅኔ» ይሏታል። ብርዱ ሲገባ ለመደብሩ የፌስቡክ ገጽ ሁለት መስመሮች አዘጋጀች። አንደኛው «ብርዱ ከሰማይ፣ ልብሱ ከእኛ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ብርዱ ሳይወስዳችሁ ብርድ ልብሱን ውሰዱ!»

የመደብሩ ባለቤት እትዬ ሁለቱንም አነበቡና፣ «የመጀመሪያው ይበቃል» አሏት። «ብርድ እኮ የምሩን ይገድላል። በሱ አይቀለድም።»

«ኧረ እትዬ፣ እሱማ ውሃ ውሃ ይላል!» አለችና ሁለተኛውን ለቀቀችው።

ገጹ በሳቅ ተጥለቀለቀ። አንዱ «እኔን ወስዶኛል፣ መልሱኝ!» ይላል፤ ሌላዋ «ባሌን ቢወስደው ምን ነበረበት!» ትላለች። ቅኔም ለቀልዱ ሁሉ ቀልድ እየመለሰች ሞቅ አላት፤ እጇ ከልቧ ቀደመ። በመሀል አንድ ሰው «አባቴን ወሰደብኝ» ብሎ ጻፈ።

«ታዲያ እርስዎ ምን ይጠብቃሉ? ይከተሏቸዋ!» ብላ የሳቅ ምልክት ጨመረችበት።

ሰውየው ትንሽ ቆይቶ መለሰ። «ዛሬ ጠዋት ከተኛበት ደርቆ አገኘነው። ትልቁን ብርድ ልብስ እወስዳለሁ። ለመገነዣ ይሆናል?»

ቅኔ ክው አለች። ማስታወቂያውን ከነሳቁ አጠፋችው። በምትኩ፣ ሰም የሌለው ወርቅ የሌለው፣ እንዲህ ብላ ለጠፈች፦ «ይቅርታ አድርጉልን። የአባታችንን ነፍስ ይማር።»

ወዲያው የመጀመሪያው አስተያየት ከነሳቁ ከች አለ።

«ሃሃሃ! የዚህኛውስ ወርቁ ምንድን ነው?»