አንዴ ሀራም፣ አንዴ ሀላል

ሸረፈዲን ከሙሀመድሰይድ ጋር ሲሻረክ ሰውየውን ይወደው ነበር። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። የማይወዱት ሰው ቢያታልል ያናድዳል እንጂ አያቅለሸልሽም።

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ነው ቆቦ ላይ የእህል መጋዘኑንና ወፍጮውን የከፈቱት። ሸረፈዲን ካባቱ የወረሳቸውን ግመሎችና ከብቶች ሸጦ አሥር ሺህ ብር አገባ። ሙሀመድሰይድ ያለው አራት ሺህ ብቻ ነበር፤ ግን ምላስ ነበረው። ከደሴ እስከ አላማጣ የማያውቀው ሾፌር፣ የማይስቅለት ነጋዴ የለም። እሱ ሲናገር የማሽላ ዋጋ ራሱ ቆሞ የሚያዳምጥ ይመስል ነበር።

ውላቸውን ደሴ ወርደው አጻፉ። ጸሐፊው አዋቂ ሰው ነበርና ነገሩን በሦስት ደረጃ አበጀላቸው። በሰኔ መጨረሻ ትርፉ ሲታወቅ መጀመሪያ ለድካማቸው ደመወዝ ይታሰባል፤ ገበያውን ለሚያዞረው ለሙሀመድሰይድ በወር መቶ ብር፣ ወፍጮውን ለሚጠብቀው ለሸረፈዲን ሃምሳ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ላገባው ገንዘብ በዓመት ከመቶ ስድስት ወለድ ይታሰባል፤ ገንዘቡ መሀል ላይ ቢጨመር ወይም ቢቀነስ ወለዱ በቆየበት ወር ልክ ይሆናል። ከዚያ የተረፈው አምስት እጅ ተደርጎ ሦስቱ ለሙሀመድሰይድ፣ ሁለቱ ለሸረፈዲን። ቢጎድልም ጉድለቱን በዚያው ልክ ይሸከማሉ። ሸረፈዲን ይህን ሲሰማ ፍትሕ ያለው ሆኖ አገኘው፤ ያኛው ብዙ ይሠራል፣ እኔ ብዙ ገንዘብ አግብቻለሁ፣ ሁላችንም የድርሻችንን አገኘን ብሎ ፈረመ።

የመጀመሪያው ዓመት ትርፍ አራት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ብር ሆነ። ሒሳቡን የሚይዝላቸው እሸቴ የሚባል የላስታ ሰው፣ ደመወዛቸውን አስቀምጦ ወደ ወለዱ ሲደርስ ሙሀመድሰይድ እጁን አነሣ።

«ቆይ እስቲ፤ ለሸረፈዲን ስድስት መቶ፣ ለኔ ሁለት መቶ አርባ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ ጋሼ። በውሉ እንዲያ ነው።»

ሙሀመድሰይድ መቁጠሪያውን ከኪሱ አወጣና ዐይኑን ጨፈነ። «ሸረፈዲን ወንድሜ፣ ከፈረምን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ወለድ ሪባ ነው፤ ሪባ ደግሞ ሀራም ነው። የኔዋ ትንሿም ትቅርብኝ። ልጆቻችንን በሀራም አናሳድግ።»

ሸረፈዲን ደነገጠ፤ አፈረም። እሱ ያላሰበውን ሌላው አስቦለታልና። «አላህ ይስጥህ፤ ይቅር» አለ። ወለዱ ቀረና ሁሉም ወደሚካፈሉት ትርፍ ገባ። ከአምስት ሦስት እጅ የሚወስደው ደግሞ ሙሀመድሰይድ ነው። ሸረፈዲን በዚያ ቀን ሁለት መቶ ስድሳ አራት ብር እንደጎደለበት ያወቀው ቆይቶ ነው። ባወቀም ጊዜ አልቆጨውም። ለአላህ የተተወ ገንዘብ ነው ብሎ፣ ጁምዓ ጁምዓ ከሙሀመድሰይድ ጎን መስገድ ያስደስተው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ማለቂያ ላይ ሙሀመድሰይድ ወሬ ይዞ መጣ። የሚስቱ የሙሚና ወንድም ታሂር ጎብዬ አጠገብ ያለውን ወንዝ ገብ መሬቱን ሊሸጥ ነው። «ስድስት ሺህ ብር ነው፤ ጎርፍ የሚጠጣ መሬት ነው፤ ሌላ ሳይቀድምህ!» አለው። ሸረፈዲን ከመዋጮው ስድስት ሺህ አውጥቶ ገዛ። ታሂር ገንዘቡን የተቀበለው በማግስቱ ለሙሀመድሰይድ የቆየ ዕዳውን ሊከፍልበት ነበር። ሙሀመድሰይድም ያንኑ ስድስት ሺህ ሰኔ መባቻ ላይ ወደ መጋዘኑ መልሶ በራሱ ስም አስመዘገበ። የሸረፈዲን መዋጮ አራት ሺህ ሆነ፤ የሙሀመድሰይድ አሥር ሺህ። ሸረፈዲን ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ክፉ ነገር ግን አላየበትም። መሬቱ ጥሩ መሬት ነው።

ሐምሌ ገባ። ሦስቱ መጋዘኑ ጓዳ ተቀመጡ። ዝናብ የነካው ማሽላ ይሸታል። ሙሀመድሰይድ ከፊቱ የቀረበለትን የጠቦት ጎድን እየጋጠ ነበር፤ ጮማው በአገጩ ይወርዳል።

«ትርፉ ስድስት ሺህ ብር ነው» አለ እሸቴ። «ደመወዝ ለጋሽ ሙሀመድሰይድ አንድ ሺህ ሁለት መቶ፣ ለጋሽ ሸረፈዲን ስድስት መቶ። የቀረው አራት ሺህ ሁለት መቶ። እንዳምናው ያለ ወለድ ልካፍለው?»

«ያለ ወለድ ስንት ይደርሰኛል?» አለ ሙሀመድሰይድ፣ አጥንቱን ሳይለቅ።

«ከነደመወዝዎ ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ሃያ።»

«ወለዱ ቢታሰብስ? አሁን ባለን መዋጮ፤ የኔ አሥር፣ የሱ አራት።»

እሸቴ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። «ለእርስዎ ስድስት መቶ፣ ለጋሽ ሸረፈዲን ሁለት መቶ አርባ። የሚካፈለው ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ስድሳ ይሆናል። በድምሩ ለእርስዎ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ ስድስት።»

ሙሀመድሰይድ አጥንቱን አስቀመጠና ጣቶቹን አንድ በአንድ ላሰ። «እንግዲያ በውሉ ይሁን።»

ሸረፈዲን የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። «አምና ሀራም ነው ያልከው አንተ አይደለህም?»

«አምና አላወቅሁም ነበር። ደሴ አንድ ዓሊም ጠይቄ፣ በንግድ ላይ ያለ ገንዘብ የሚያስገኘው ኪራይ እንጂ ሪባ አይደለም አሉኝ። ደግሞስ የፈረሙትን ቃል ማፍረስ ሀራም አይደለም እንዴ?»

በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ዘጠና ስድስት ብር ነው። ሸረፈዲን ይህን በልቡ አሰበው። ዘጠና ስድስት ብር፤ የሙሀመድሰይድ የአንድ ወር ደመወዝ እንኳ አይሞላም። የተበላበት ገንዘብ አይደለም ያስጠላው። አምና ዐይኑን ጨፍኖ መቁጠሪያ ያሻሸው ያው ጣት፣ አሁን ጮማ እየተላሰበት ነበር። ራሱም አምና እዚያው ተቀምጦ ያንኑ ጣት «አላህ ይስጥህ» ብሎ መመረቁን አስታወሰ፤ ቆዳው ላይ ቅባት የቀረ ይመስል እጁን በጋቢው ጠረገ።

«ውሉ ወለዱ በቆየበት ወር ይታሰብ ይላል» አለ። «ያንተ አሥር ሺህ የቆየው አንድ ወር ነው። የኔ አሥር ሺህ አሥራ አንድ ወር ሠርቷል። እሸቴ፣ እንዲያ አስበው።»

እሸቴ ሁለቱን አየና ጻፈ። «ለእርስዎ ለአሥራ አንዱ ወር አምስት መቶ ሃምሳ፣ ለሰኔ ሃያ፤ አምስት መቶ ሰባ። ለጋሽ ሙሀመድሰይድ ሁለት መቶ ሃያና ሃምሳ፤ ሁለት መቶ ሰባ። በድምሩ ለእርስዎ ሁለት ሺህ አምስት መቶ አሥራ አራት፣ ለሳቸው ሦስት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ስድስት።»

ሙሀመድሰይድ ተነሣ። «ወር የምትቆጥረው ከወንድምህ ጋር ነው? ሽማግሌ ይየን!» ብሎ ወጣ።

ኡሙሃኒ፣ የሸረፈዲን ሚስት፣ ማታ እራት ብታቀርብለት አልነካውም።

«አመመህ?»

«አይ። ጠረኑ አፍንጫዬ ላይ ቀረ እንጂ።»

«ምን ያህል ወሰደብህ?»

«ገንዘቡን ተይው ኡሙሃኒ። ዱዓዬን ነው የወሰደብኝ። አምና ለአላህ የተውኩት መስሎኝ ለሱ ነው የተውኩት።»

ከዋጃ ሐጅ እንድሪስ ተጠሩ፤ ሁለት ሽማግሌዎችም ከቆቦ ተጨመሩ። በሙሀመድሰይድ ግቢ ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሐጅ እንድሪስ ሁለቱንም ካዳመጡ በኋላ «ልጄ ሸረፈዲን፣ የምትለው ምንድን ነው? ወለዱን ትፈልጋለህ?» አሉት።

«አባባ ሐጅ፣ እኔ ወለድ አልፈልግም። ግን አንዴ ሀራም፣ አንዴ ሀላል አይሆንም። ሀራም ከሆነ ለሁለታችንም ለሁለቱም ዓመት ይቅር። በውሉ ከሆነም ውሉ እንዳለ ይፈጸም፤ ወሩ ይቆጠር፤ አምና የቀረብኝ ሁለት መቶ ስድሳ አራትም ይመለስ። ካልሆነ ፍርድ ቤት ይየን።»

ሽማግሌዎቹ ወደ ሙሀመድሰይድ ዞሩ። ከንፈሩ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀስ ነበር። ሌላው በዚክር አላህን እያወሳ ነው ብሎ ያስባል፤ ሸረፈዲን ግን አብሮት ቆጠረ። ያለ ወለድ ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ሃያ። በወር ቢታሰብ ሦስት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ስድስት፤ ያውም ያምናው ሳይነሣበት። ከንፈሩ የት ላይ እንደሚቆም ሸረፈዲን ቀድሞ አወቀ። ከግቢው የሚወጣበት መንገድ ቢኖር በወጣ።

ሙሀመድሰይድ በጉልበቱ ተንበረከከ። ዐይኑ እንባ አቀረረ። «አስተግፊሩላህ! ሸይጣን አሳስቶኝ ነው፣ አባባ ሐጅ። ወለድ ሀራም ነው። ስድስት መቶዬን ለአላህ ትቻለሁ። ከወንድሜ ጋር በገንዘብ አልጣላም።»

«ሱብሃነላህ!» አሉ ሐጅ እንድሪስ። ብድግ ብለው ግንባሩን ሳሙት። አንደኛው ሽማግሌ እንባውን ጠረገ። «እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?» አለ ሌላው። እሸቴ መሬት መሬቱን ያያል።

ሰውየው ያለው ሸረፈዲን ራሱ የጠየቀውን ነው። ወለዱ ይቅር አለ፤ ቀረ። ያለ ወለድ የሚደርሰው ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ብር ትክክለኛ ድርሻው ነው፤ በሃይማኖቱም በልቡም ያመነበት። ትክክለኛው ነገር በዚህ ሰው አፍ አልፎ ሲመጣ ግን፣ ሌላ ሰው አኝኮ የተፋው ጉርሻ ሆነበት።

ለዕርቁ ሙክት ታርዶ ነበር። ትሪው ቀረበ፤ ቢስሚላህ ተባለ። ሙሀመድሰይድ ከጉበቱ ጠቅልሎ፣ ሽማግሌዎቹ እያዩ፣ ጉርሻውን ወደ ሸረፈዲን ዘረጋ። «እንካ ወንድሜ፤ ቂም ይውጣልን።»

ቅባቱ ከእጁ ወደ ክንዱ ይወርዳል። ሸረፈዲን አፉን አልከፈተም።

«ልጄ፣ ጉርሻ አይመለስም» አሉ ሐጅ እንድሪስ በቀስታ።

«እርስዎ ያጉርሱኝና እበላለሁ፣ አባባ ሐጅ። የሱን አልበላም። እሸቴ፣ የሽርክናውን መፍረሻ ጻፍ። አራት ሺህ መዋጮዬንና የዘንድሮ ድርሻዬን ልውሰድ፤ ወፍጮውም መጋዘኑም ለሱ ይቅር።»

የሙሀመድሰይድ እጅ በአየር ላይ ቀረ። ፊቱ ላይ ኀዘን ነበረ፤ እውነተኛ ኀዘን ሊሆን ይችላል፤ ሸረፈዲን ከዚያ በኋላ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ለመለየት አልሞከረም። ጉርሻውን ሙሀመድሰይድ ራሱ ጎረሰው።

ገንዘቡ በሁለት ጊዜ ተከፈለ፤ ሳይጎድል። ሸረፈዲን የጎብዬውን መሬት ማሽላ ዘራበት። ሙሀመድሰይድ ወፍጮውን ብቻውን ይዞ ቀጠለ፤ ገበያው ደራለት። ቆቦ ላይ ወሬው ሲነሣ ሰዉ የሚለው አንድ ነው። «ሙሀመድሰይድ ለአላህ ብሎ ወለዱን ተወለት፤ ያ ቂመኛ ግን የዕርቅ ጉርሻ መለሰበት» ይላል። ሸረፈዲን ሲሰማ አይመልስም። ኡሙሃኒ ብቻ አንድ ቀን «ለምን እውነቱን አትነግራቸውም?» ብትለው፣ «ሒሳብ ነው፤ ሒሳብ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል?» አላትና ወደ ማሽላው ወረደ።