ጨው የሌለው ውሃ

የሬዲዮ ጣቢያው አንባቢ አኮልቢሬ ወረቀቱን አንብቦ ጨረሰና ጠረጴዛው ላይ ጣለው። እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ቀርቷል። በዚህ ሰዓት መንደሩ ሁሉ ሬዲዮ ይከፍታል፤ ግን አንዱ ማሳውን እያረመ፣ ሌላዋ ማሽላ እየወቀጠች ነው የሚሰሙት። ወረቀት ያልገባው ሰው መልሶ ያነባል። ሬዲዮ ግን አንዴ ካለፈ አለፈ።

ወረቀቱን ያመጣችው የውሃ መርማሪዋ ዶክተር ንያርኮ አጠገቡ ተቀምጣለች። በባኦባቡ ዛፍ ሥር ያለው የእጅ ፓምፕ ውሃ ፍሎራይድ በዝቶበታል። ከድንጋዩ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ነው። የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ በዓመታት ብዛት አጥንት ያደነድናል። የትምህርት ቤቱ ፓምፕ ግን ንጹሕ ነው።

አኮልቢሬን ያስጨነቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ያበረታዋል።» ግማሹ ሰፈር የሚጠጣው የኩሬ ውሃ ነው። ባለፈው ክረምት ኮሌራ ገብቶ የለቅሶ ማስታወቂያ ያነበበው እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኩሬውን ውሃ እንዲያፈሉ በስንት ልመና ነው የለመዱት።

ከመስኮቱ ውጭ የጣቢያው ሠራተኛ ዴሪ ጄኔሬተሩን ይጠግናል።

«ዴሪ፣ አንዴ ላንብብልህ። የሰማኸውን መልሰህ ትነግረኛለህ።»

«የውሻ ጭንቅላት በላተኛ ሲናገር ሰምቼ ምን ላተርፍ?» አለ ዴሪ ቀና ሳይል። ዴሪ የዳጋባ ጎሳ ነው፣ አኮልቢሬ የፍራፍራ። ሁለቱ ጎሳዎች በውሻ ሥጋ እየተቀላለዱ ካልተሰዳደቡ ሰላም አልተባባሉም።

አኮልቢሬ አነበበ። «እህስ፣ ምን አልኩ?»

«ውሃ ማፍላት ክፉ ነው አልክ። ሴትዮዋ መርምራ ደርሳበታለች።»

ዶክተሯ ሳቀች። አኮልቢሬም ሳቀ፤ ዴሪ ቁም ነገር አውርቶለት አያውቅም። ወረቀቱን አንስቶ ወደ ማይክሮፎኑ ዞረ። ያኔ ዴሪ ስልክ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰማው።

«ድስቱን ከእሳት አውርጂው። አዎ፣ የኩሬውን። ማፍላት ጥሩ አይደለም ተብሏል።»

አኮልቢሬ በመስኮቱ ብቅ አለ። «ዴሪ፣ እየቀለድክ ነው?»

«በልጆቼ እቀልዳለሁ?»

«መልሰህ ደውል። የኩሬው ውሃ ይፈላ። አሁኑኑ።» ወደ ዶክተሯ ዞረ። «ይህን ዓረፍተ ነገር አውጪው፣ ልጄ።»

«አባባ፣ እሱ ከወጣ የባኦባቡን ውሃ አፍልተው ይጠጡታል። ውሃው በተነነ ቁጥር ፍሎራይዱ እየጠነከረ ይሄዳል። ደህና አደረግን ብለው ልጆቻቸውን ይጎዳሉ።»

እውነቷን ነው። ተነሳ፣ ተቀመጠ። ሁለት ፓምፕ፣ አንድ ኩሬ፣ አንድ እሳት። የቱ ቃል ቀድሞ ይውጣ?

«ጨው የበዛበት የባሚያ ወጥ እሳት ላይ ቢቆይስ?» አላት በድንገት።

«ይብስበታል።»

«እሱ ነው።»

ሰዓቱ ደረሰ። አኮልቢሬ ወረቀቱን ገልብጦ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። «የኩሬ ውሃ ይፈላ፤ ዛሬም እንደ ትናንቱ ይፈላ። የትምህርት ቤቱ ፓምፕ ለመጠጥና ለማብሰል ነው። የባኦባቡ ፓምፕ ለልብስና ለገላ ብቻ ነው። የባኦባቡ ውሃ ጨው እንደበዛበት ወጥ ነው፤ እሳት ያብስበታል እንጂ አያድነውም።» ከአንድ ዘፈን በኋላ ደገመው።

«አሁንስ ምን አልኩ?» አለ ወጥቶ።

«ኩሬው ይፈላ። ትምህርት ቤት ለመጠጥ፣ ባኦባብ ለልብስ» አለ ዴሪ። «ውሻ ያልበላ ሰው የጻፈልህ ይመስላል።» ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እኔ ግን ከባኦባቡ ስጠጣ ጨው ቀምሼ አላውቅም» አለ።

አኮልቢሬ ወደ መስኮቱ ዞረ። ዶክተሯን አያት። «ይቀመሳል?»

«አይቀመስም። አይሸትም፣ አይታይም።»

ሌላውም እንደ ዴሪ ጨው እንዳይፈልግ ብሎ ብስክሌቱን አነሳ። ባኦባቡ ጋ ሲደርስ ሴቶች ፓምፑን ከበዋል። ታምፖካ የምትባል ባልቴት በቅል ቀድታ ትቀምሳለች፤ ሌሎቹ አፏን ያያሉ።

«ጨው የለውም» አለች ዞራ። «ያው ውሃችን ነው። ና፣ አንተም ቅመስ፣ ሬዲዮ።»

«እማማ፣ ጨው አይደለም። እንደ ጨው ነው ያልኩት። ከድንጋዩ የወጣ ነው፣ ምላስ አያገኘውም።»

«ታዲያ ምላስ የማያገኘውን ለምን ጨው አልከው?»

ላቡን ጠረገ። «ጥፋቱ የኔ ነው። የትምህርት ቤቱን ጠጪ፣ በዚህኛው ታጠቢ። የኩሬውን አፍልተሽ ጠጪ። በይ መልሰሽ ንገሪኝ።»

«ሕፃን አደረከኝ?»

«እባክሽ፣ እማማ።»

አጉረመረመች፤ ግን አንድም ሳታጎድል መለሰችለት። ቅሏንም መሬት ላይ ደፋችው። አኮልቢሬ ትንፋሹን ሊሰበስብ ሲል፣ ከታች በኩል ሌላ ሴት እንስራ ተሸክማ ስትመጣ አየ።

«ሬዲዮ ሰምተሻል?» አላት።

«ሰምቻለሁ» አለች እንስራውን እያወረደች። «ጨው ካለው አትጠጡ አይደል ያላችሁት?»