ሞቅ ያለ፣ ግን የማያስጨፍር

ጆሮ ይሉታል። በአንድ አነስተኛ የፊልም ድርጅት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ድምፅ ሲያቀናብር የኖረ ሰው ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ታዲያ ከራሱ በቀር በትክክል የሚሰማ ፍጡር አላጋጠመውም። ዳይሬክተሮች ለእሱ ዓይን ብቻ ናቸው። ተዋንያን አፍ ብቻ። ሥራ አስኪያጁን ከየትኛው የአካል ክፍል እንደሚመድበው እስካሁን አልወሰነም።

ሥራ አስኪያጁ አንድ ሰኞ ጠዋት ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ መጣና ከእንግዲህ የተከታታይ ድራማችንን ሙዚቃ የሚሠራልን ማሽን ነው አለ። የምትፈልገውን ድምፅ በቃላት ትጽፍለታለህ፣ በደቂቃ ውስጥ ሠርቶ ይሰጥሃል። ድራማው አባታቸው ትቶላቸው በሞተው ቤት ስለማይስማሙ ሦስት እህትማማቾች ነው። ሐሙስ ከቴሌቪዥን ጣቢያው ገምጋሚዎች መጥተው የመጀመሪያውን ክፍል ያያሉ። ቃላቱን ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ማታ ቤቱ ተቀምጦ ጽፏቸዋል።

ጆሮ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። «ሞቅ ያለ፣ ሰፊ፣ መስታወት መስታወት የሚል፣ ሻካራ፣ ዘመናዊ፣ ጥንታዊ፣ ልብ የሚነካ።»

አስቤዛ ሊገዛ የሚወጣ ሰው እንኳ ከዚህ የተሻለ ያስባል አለ በሆዱ። አፍ አውጥቶ ግን አልተናገረም፤ ጆሮ ሰው ሲንቅ ድምፅ አያሰማም። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠና ጠበቀ።

የመክፈቻው ትዕይንት ላይ ሦስቱ እህትማማቾች ጠረጴዛ ከበው ቁጭ ብለዋል። መሐል ላይ የአባታቸው ቁልፍ ተቀምጧል፤ ማንም አይነካውም። ሥራ አስኪያጁ ማሽኑ የሠራውን ሙዚቃ ከፈተ። ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ ጥሩምባ። ሐዘንተኞቹ እህትማማቾች ሙሽራ ሊቀበሉ የተሰበሰቡ መሰሉ።

«ትንሽ ይፈጥናል» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሞቅ ያለ አልክ፤ ሞቀልህ። ምን ጎደለ?» አለው ጆሮ።

ከዚያ ለሕፃን ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብሎ አስረዳው። ባለሙያ ሞቅ ያለ ድምፅ ሲል ጆሮ የማይወጋ፣ ሆድ ያለው፣ የሚያቅፍ ድምፅ ማለቱ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ግን ሞቅ ያለ ዘፈን የሚለው የሚያስጨፍረውን ነው፤ ማሽኑም እንደ ሌላው ሰው ሰማው። መስታወት የሚለውንና ሻካራ የሚለውን ደግሞ ለየትኛው መሣሪያ እንደሆኑ ስላልተነገረው በሁሉም ላይ ደፋቸው፤ ለዚህ ነው ጥሩምባው ቆርቆሮ ሲጎተት የሚመስለው። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማና እንግዲያው አንተው ጻፈው ብሎት ወጣ።

ጆሮም ጻፈ። እንደ ሠለጠነ ሰው፣ በቁጥር ጻፈ። ሁለት መቶ ሃምሳ ሄርዝ ላይ ሦስት ዴሲቤል ጨምር፣ ከስድስት ኪሎ ሄርዝ በላይ ቀንስ፣ የገደል ማሚቶው አንድ ነጥብ ስምንት ሰከንድ ይቆይ። ማሽኑ የሆቴል ሊፍት ውስጥ የሚከፈት ዓይነት ሙዚቃ ሰጠው። እነዚያኑ ቁጥሮች ደግሞ አስገባ፤ አሁን ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር የማይተዋወቅ ሌላ ነገር መጣ። «ከበሮ አይኑር» ብሎ ጨመረበት፤ ከበሮ መጣ። «ከበሮ በፍጹም አይኑር» አለው፤ ከበሮው ባሰበት። ማክሰኞ ከሰዓት አሥራ ዘጠነኛው ሙከራ ላይ ደርሶ የጠረጴዛውን ጠርዝ በቡጢ መታና «ደንቆሮ!» አለ።

ቃሉን የሰማችው በር ላይ የቆመችው የሚስቱ ታናሽ እህት ናት። ከጎኑ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች ከፊልሙ ግርጌ የሚወጣውን ጽሑፍ ትጽፋለች፤ ንግግሩን ብቻ ሳይሆን ድምፁንም፦ [በሩ ያቃስታል]፣ [ከሩቅ ሰዎች ይስቃሉ]። ሥራውን ያስገኘላት ጆሮ ነው። ለዚያም ይሆናል ሥራዋን ከሥራ የማይቆጥረው፤ ለማይሰማ ሰው ድምፅ መጻፍ ምን ይሉት እንጀራ ነው ይላል ለሚስቱ። አሁን የመጣችው አራተኛው ትዕይንት ላይ ከጀርባ የሚሰማው ዝናብ ይሁን የሚጠበስ ዘይት እንዲነግራት ነበር። ዘይት ነው አላት። እሷ ግን አልሄደችም፤ በትከሻው በኩል ቁጥሮቹን አነበበች።

«ጋሼ፣ ይሄ ማሽን ሙዚቃ ሲማር ከሙዚቃው አጠገብ ምን ተጽፎለት የተማረ ይመስልሃል?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ሰዎች ስለ ሙዚቃው የጻፉት ነዋ። ሙዚቃ ሰምቶ ሁለት መቶ ሃምሳ ሄርዝ ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ?»

«እኔ አለሁ።»

«አንተማ አንድ ሰው ነህ።»

ጆሮ አፍንጫውን ነፋ። እሷ ወንበር ስባ ቁጭ አለችና ትጠይቀው ጀመር። ሞቅ ያለ ስትል በጆሮህ የሚመጣው ምንድን ነው? ማን ሲጫወት? በምን ሲመታው? የት ቁጭ ብሎ? ይህን ሁሉ ጥያቄ የጠየቀው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ከክፍሉ አስወጥቶት ነበር፤ የሚስት እህት ሆናበት ነው። መጀመሪያ በአንድ በአንድ ቃል መለሰላት። ኋላ ሳያስበው አፉ ተፈታ። የናይለን ክር ያለው ጊታር፣ በጥፍር ሳይሆን በጣት ሥጋ የሚነካ። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ያለው ትንሽ ክፍል። ማይክሮፎኑ ከጊታሩ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። በአሮጌ ቴፕ የተቀዳ ይምሰል፣ ጥርት ማለቱ ደብዘዝ ያለ።

እሷ እንዳለ ጻፈችው። መስታወት የሚለውን ለአንድ ነገር ብቻ ሰጠችው፤ ከሩቅ አልፎ አልፎ ለሚመታ ትንሽ ደወል። ሻካራ የሚለውን ደግሞ ቀስቱ ክሩን ሲፍቀው ለሚሰማ ወፍራም ባስ። ከበሮ የሚለውን ቃል ከነ «አይኑር»ው አጠፋችው።

«‹ከበሮ› የሚለውን ይሰማል እንጂ ‹አይኑር› የሚለውን ልብ አይለውም። ስሙን አትጥራበት» አለችው። በምትኩ «ሦስት መሣሪያ ብቻ፣ በጣም ዝግ ያለ፣ ምት የሌለው» ብላ ጻፈች።

ማሽኑ አራት ጊዜ ሠራ። ሦስተኛው ላይ ጊታሩ ሲጀምር ጆሮ እጁ አገጩ ላይ እንዳለ ቀረ። እህትማማቾቹ ቁልፉን የማይነኩት ለምን እንደሆነ ሳይነግሩት ገባው። እስኪያልቅ ሰምቶ «አይከፋም» አላት። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ያገኙ ሰዎች በጣት ይቆጠራሉ። የእሱ ቁጥር ያልፈታውን ምንጣፍና መጋረጃ መፍታታቸው ግን ሆዱን ሲበላው ዋለ። ለእያንዳንዱ ክፍል በሚሞላው የሥራ ቅጽ ላይ፣ «የሙዚቃ ገለጻ» በሚለው መስመር፣ የእሷ ስም ገባ።

ረቡዕ ሥራ አስኪያጁ ግማሽ ፊቱን የሚውጥ ማዳመጫ አድርጎ ሰማው። ጥሩ ነው ግን ሰፊ አይደለም፣ እኔ ሰፊ ብዬ ነበር አለ። የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ ላይ «ስፋት» የሚል ጽሑፍ አግኝቶ ምልክቱን እስከ መጨረሻው ጎተተው። ጊታሩ ከመሐል ተነሥቶ ከሁለቱም ጆሮ ውጪ ሄዶ ተንሳፈፈ። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ጨፍኖ በደስታ ተወዛወዘ።

ጆሮ በራሱ ማዳመጫ ብቻ የግራና የቀኙን ድምፅ አንድ ላይ የሚደምረውን ቁልፍ ተጫነ። ጊታሩ ጠፋ። አልቀነሰም፣ ጠፋ። ማሽኑ ያሰፋው አንዱን ወገን የሌላው ተቃራኒ በማድረግ ነው፤ በሁለት ጆሮ ሲሰሙት ሜዳ ይሞላል፣ በአንድ ስፒከር ሲወጣ ግን አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲስብ ይጠፋፋሉ። ነገ ገምጋሚዎቹ የሚያዩበት የስብሰባ ክፍል ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለው ስፒከር አንድ ብቻ ነው። ጆሮ ቁልፉን ለቀቀና የሚወዛወዘውን ሰውዬ አየው።

«አሪፍ ነው» አለው።

ያን ቀን አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ነገ ይህ ሰው በገምጋሚዎች ፊት ውሃ ሲሆን አያለሁ እያለ እያፏጨ ቤቱ ገባ። ቅጹ ላይ የማን ስም እንዳለ አንዴም ትዝ አላለውም።

ሐሙስ ሦስት ገምጋሚዎች መጡ፤ ዋናዋ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ጎልማሳ ሴት ናት። ምስሉ ተከፈተ። እህትማማቾቹ፣ ጠረጴዛው፣ ቁልፉ። ባሱ ተፋቀ። ዝም። ከሩቅ ደወል። ደግሞ ዝም። ሦስቱ ሴቶች አባታቸውን ገድለው የሚመክሩ መሰሉ።

«የሰይጣን ፊልም ነው እንዴ?» አለች ዋናዋ።

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን እንኳ አላሸም። ቅጹን አወጣና ሙዚቃውን በቃላት የገለጸችው እሷ ናት ብሎ ስሟን አነበበ፤ ልጅቷ ገና ጀማሪ ናት፣ እናርማታለን አለ። እሷ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ጊታር ነበረው አለች፤ ድምፅዋ ከባሱ የወፈረ አልነበረም። ገምጋሚዋ ጊታር አልሰማሁም አለቻት።

ጆሮ ዞር ብሎ አያቸው። እንዲዋረድ የጠበቀው ሰውዬ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፤ የምትዋረደው የራሱ ሰው ናት። ተነሣ።

«ጊታሩ አለ። ከመጠን በላይ ሰፍቶ በአንድ ስፒከር ላይ ራሱን አጥፍቶ ነው። በስልክ የሚያየው ተመልካች ግማሹ እንዲሁ ነው የሚሰማው። እሷ የሠራችው እንዲህ አልነበረም። እኔ ከትናንት ጀምሮ አውቅ ነበር።»

የማክሰኞውን ከፈተ። ጊታሩ በዚያው አንድ ስፒከር ውስጥ መጥቶ መሐላቸው ቁጭ አለ። ገምጋሚዎቹ እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ዋናዋ መነጽሯን አድርጋ የእህትማማቾቹን ፊት አየች፤ ይሄ ይሁን አለች። የአሥራ ሁለቱንም ክፍል ገለጻ ያቺው ልጅ እንድትጽፈው ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ እኔም ያገኘኋት ለዚህ ነው አለ።

ኮሪደሩ ላይ ጆሮ ተከተላት።

«ትናንት ያውቁ ነበር?» አለችው። አንተ ማለቷን ትታ ነበር።

እሱን ሰውዬ ላዋርደው ብዬ ነው፣ አንቺን በፍጹም አላሰብኩም አላት።

«አዎ፣ አላሰቡኝም። እሱ ደግሞ መች ተዋረደ?»

ቅዳሜ ሚስቱ ከእህቷ ሁሉንም ሰምታ መጣችና ሁለት ቀን ሙሉ ከምሳና ከራት ጥሪ በቀር ቃል አልተነፈሰችም።

በሳምንቱ ሁለተኛው ክፍል መጣ። መካከለኛዋ እህት ተቆጥታ ሳትናገር ዕቃ የምታጥብበት ትዕይንት አለው፤ ሥራ አስኪያጁ ሐሳብ ስጥበት ብሎ ለጆሮ ላከለት። ጆሮ ብዕር አንሥቶ «ሻካራ» ብሎ ጻፈ። ቃሉን አየው። ምን እንደሚሻክር፣ በምን ላይ እንደሚሻክር፣ ከምን ያህል ርቀት እንደሚሰማ የሚነግረው ነገር የለም። ሥራ አስኪያጁ ማታ ቤቱ ተቀምጦ ከጻፈው በምን እንደሚለይ ቢፈልግ፣ ቢፈልግ አጣ። ሲንቀው የኖረውን ሁሉ አንድ ላይ ቢያከማቸው የዚያን ጊዜ ራሱን የናቀውን ያህል አይሆንም።

ወረቀቱን ይዞ የጎን ክፍሉን በር አንኳኳ።

«ይጠብቁ» አለች ዞር ሳትል።

የምትጽፈው መስመር አለቀ። ሌላ ጀመረች። ጆሮ ወረቀቱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።