ለሁለት የተከፈለ ኪኒን

ዶክተሯ የልጄን የደም ምርመራ ወረቀት ስታየው ቅንድቧ ከፍ አለ። ልጄ ልብ አላለችም። እኔ ግን ሐኪም ፊት ስቀመጥ ዓይኔን ከሐኪሙ ቅንድብ ላይ አልነቅልም፤ ክፉ ወሬ መጀመሪያ ብቅ የሚለው እዚያ ነው።

«ቲ ኤስ ኤች ሰባት ነጥብ አራት» አለች። «ከአራት ብዙም ባያልፍ ነበር ጥሩ። ታይሮይድሽ የሚያመነጨው ሆርሞን፣ ታይሮክሲኑ፣ ግን ደህና ነው።»

ልጄ ፀጉር ሠሪ ናት። ባለፈው ዓመት ጽንሷ በሦስተኛ ወሩ ወርዶባታል። ምርመራው የታዘዘላትም ድጋሚ ለመፀነስ በማሰቧ ነው። እኔ ደግሞ ከስድስት ዓመት በፊት እንቅርት አብጦብኝ ታይሮይድ የሚባለው የአንገቴ እጢ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ ከዚያ ወዲህ በዚህችው ዶክተር እየታየሁ በየጠዋቱ የሆርሞን ኪኒን የምውጥ ሰው ነኝ። ስለዚህ «ታይሮይድ» ሲባል ልጄን ቀድሜ ተናገርኩ።

«ተበላሽቷል ማለት ነው?» አልኩ።

«አልተበላሸም እናቴ። ቲ ኤስ ኤች ከጭንቅላት የሚመጣ ትእዛዝ ነው፤ ታይሮይድን ሥሪ፣ ሥሪ ይላታል። አሁን አዛዡ ድምፁን ከፍ አድርጓል፤ ሠራተኛዋ ግን ሥራዋን እያደረሰች ነው። አንዳንዴ እንዲህ ከፍ ይልና ማንም ሳይነካው ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ብቻ መድኃኒት አልጀምርም። ከዐሥር በላይ ቢሆን፣ ወይም አሁን እርጉዝ ብትሆን ሌላ ነገር ነበር። ሰውነቷ የራሷን ታይሮይድ እያጠቃ እንደሆነ የሚያሳይ ሌላ ምርመራም አለ፤ ላቦራቶሪው ግን ኬሚካሉን ጨርሷል። ከስምንት ሳምንት በኋላ ተመለሱ፣ አብረን እንሠራዋለን። እስከዚያ እርግዝናውን አቆዩት። ያኔም ከፍ ካለ፣ ሳትፀንስ በፊት እንጀምርላታለን።»

ልጄ አመስግና ወጣች። እኔ ከኋላዋ ስከተል የሰማሁት «ጠብቁ» የሚለውን ብቻ ነበር። ስምንት ሳምንት! ዝም ብሎ መጠበቅ! ባለፈው ጊዜም ጠብቀን ነበር፤ የጠበቅነው ምን ሆኖ እንደቀረ እኔ አልጋዋ አጠገብ ሆኜ አይቻለሁ።

«አምቡላንሷ ተነሳች» አለችኝ ልጄ መንገድ ላይ፣ ፊቴን አይታ። ቤት ውስጥ የምጠራው እንደዚህ ነው፤ ሰው ሳይታመም ጩኸቴ ይቀድማል ይላሉ።

«ዝም አልኩ እኮ!»

«እሱ ነው የሚያስፈራው።»

በማግስቱ ጠዋት ኪኒኔን ሳህን ላይ አድርጌ በቢላ ለሁለት ከፈልኩት። መቶ ማይክሮግራም ነው፤ ለእኔ ሃምሳ፣ ለእሷ ሃምሳ። ለእሷ የሚሆነውን ባዶ የቫይታሚን ጠርሙስ ውስጥ አደረግሁት። ቤቷ ከእኔ ቤት በግድግዳ ብቻ ነው የሚለየው። ሥራ ከመሄዷ በፊት ብቅ ስትል ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር አቀረብኩላት።

«ምንድን ነው?»

«የፀጉር ቫይታሚን። ፀጉርሽ እየሳሳ ነው። በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው፤ ቁርስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ።»

«ፀጉር ሠሪዋን በፀጉር ልታስተምሪ!» ብላ ሳቀችና ዋጠችው።

በየጠዋቱ ዋጠችው። እኔም በየጠዋቱ ግማሼን እየዋጥኩ፣ በስድስተኛው ሳምንት በቀትር ፀሐይ ጋቢ የምለብስ ሆንኩ። ድምፄ ጎረነነ፣ ፊቴ አበጠ፣ ደረጃ ስወጣ እግሬ እርሳስ ሆነብኝ። ለራሴ አልፈራሁም። የእሷን ልብ ግን በሰበብ አስባቡ አዳምጥ ነበር፤ ሳቅፋት ደረቷ ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ኪኒኑ ሲበዛ ልብን እንደሚያስሮጥ ለእኔ ነግረውኛል። ብሰጣት ፈራሁ፣ ባልሰጣት ፈራሁ።

በስምንተኛው ሳምንት ዶክተሯ አዲሱን ወረቀት አየችና ፈገግ አለች።

«ሁለት ነጥብ ሦስት። ታይሮክሲንሽም ደህና ነው። በራሱ ወርዷል ማለት ነው። መድኃኒት አያስፈልግሽም፤ የዚያ የሌላው ምርመራ ኬሚካል አሁንም ስላልገባ አናስቸኩለውም። በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ በይ።»

ልጄ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። እኔ ከወንበሩ አልተነሳሁም። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የእሷ አልነበረም፤ የእኔ ኪኒን ነበር። ዝም ብል መድኃኒት አያስፈልጋትም ተብላ ትሄዳለች። ጠርሙሱ ሲያልቅ ደግሞ አዛዡ እንደገና ይጮሃል፤ ማንም ሳያይ፣ ምናልባት ሆዷ ውስጥ ልጅ እያለ።

«እማዬ፣ ተነሽ እንጂ።»

«ቫይታሚን አይደለም» አልኩ።

«ምኑ?»

«የምሰጥሽ። የእኔ ኪኒን ነው። ግማሹ።»

ልጄ ቆማ ቀረች። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ጊዜ ማግስት። ዶክተር፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ እኔን ይቆጡ፣ ልጄን ግን…»

«እርስዎስ ግማሹን ብቻ ነው የሚውጡት? ታይሮይድ ሳይኖርዎት?» ፊቴን ትኩር ብላ አየችው። «እኔም ዛሬ ያበጠው ፊትዎ ምንድን ነው እያልኩ ነበር። እናቴ፣ ሁለት ሰው ነው የጎዱት! ይህ ወረቀት አሁን ምንም አይነግረኝም። በራሱ ወርዶ ይሁን ኪኒኑ አውርዶት ይሁን፣ አቁማ ስድስት ሳምንት ሳትቆይ መለየት አልችልም።»

«ማቆም ትችያለሽ አይደል?» አለቻት ወደ ልጄ ዞራ።

ልጄ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ወደ እኔ አላየችም።

«ወር አበባዬ አምስት ቀን አልፎታል» አለች።

«አቆዩት አላልኩም?»

«ባሌን አብረውት የሚሠሩት ሹፌሮች ሁሉ ፍሬን ነው የሚሉት፣ ቀርፋፋ ነው ብለው» አለች፤ ልትስቅ ሞክራ ተወችው። «በዚህ በኩል ግን ፍሬን የለውም።»

ዶክተሯ ወዲያው የሽንት ምርመራ አዘዘች። ውጤቱ ዐሥር ደቂቃ ፈጀ። በዚያች ዐሥር ደቂቃ ውስጥ በሐሳቤ ስንት ነገር እንደቀበርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ሁለት መስመር ወጣ፤ እርጉዝ ናት።

«ስለዚህ አናቆምም» አለች ዶክተሯ። «እርግዝና ታይሮይድን ብዙ ያሠራዋል፤ አሁን አቋርጬ ልሞክርብሽ አልችልም። ሃምሳውን በራስሽ ስም እጽፍልሻለሁ፤ ሙሉ ኪኒን፣ በቢላ ያልተቆረጠ። በየአራት ሳምንቱ ደም ትሰጫለሽ፤ መጠኑን በእሱ እናስተካክላለን። የቀረውን ምርመራ፣ ውድ ቢሆንም፣ ዛሬውኑ ማዶ ያለው የግል ላቦራቶሪ ይሥራልሽ። ኪኒኑ እሱን አይደብቀውም።»

«ያለፈው ጽንስ የወረደው… በዚህ ነው?» አልኩ።

«አላውቅም። ያኔ አልተለካም። ማንም ሊነግርዎት አይችልም።» ሁለተኛ ወረቀት ጻፈችና ወደ እኔ ገፋችው። «ይሄ የእርስዎ ነው። ከነገ ጀምሮ ሙሉውን ይውጡ።»

ማዶ ባለው ላቦራቶሪ ልጄ ከእኔ አንድ ወንበር ዘላ ተቀመጠች። እጇ ሆዷ ላይ ነበር።

«ሞኝ አድርገሽኛል» አለች። «በየቀኑ ደረቴን ስታዳምጪ የናፈቅኩሽ ነበር የሚመስለኝ።»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔስ አልፈራም? ስትፈሪ ለእኔ ንገሪኝ። በድብቅ ኪኒን አታብይኝ።»

አንዲት ነርስ የልጄን ተራ ቁጥር ጠራች። ብድግ ስትል እኔም ብድግ አልኩ።

«አንቺ እዚሁ ቆዪ» አለች፤ በቁጣ ሳይሆን በድካም።

ቦርሳዋን ግን ጭኔ ላይ ጣል አድርጋልኝ ገባች። በሩ ተዘጋ። የሚሆነው ሁሉ እየታየኝ፣ ቦርሳዋን አቅፌ፣ በሩን ሳላንኳኳ ቁጭ አልኩ።